ተሰማና የኮሌጁ ባለሁለት ገጽ ወረቀት

ተሰማ ዕድሜውን የጨረሰው ወረቀት ሲጽፍ ነው። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ላይ የጻፈው የሚያሳስር ዓይነት ነበር። በዚያው ሰበብ አገር ለቆ በመተማ በኩል ሱዳን ገባ፤ ካርቱምም እንጀራውን በዚያው በወረቀት አደረገችለት። ልዩነቱ የሚጽፈው ነገር ብቻ ነው። ያኔ «ተነሣ!» ይል የነበረው ሰውዬ አሁን «ለሠርግዎ የሚሆን አዳራሽ አለን» ይላል። ሱቅ አረቢ ገበያ ውስጥ በወሎዬው በከቢር ማተሚያ ቤት አንዲት ጠረጴዛ ተከራይቶ ለሐበሻ ምግብ ቤቱም፣ ለልብስ ሰፊውም፣ ለጸጉር ቤቱም በአማርኛ ማስታወቂያ ይጽፋል። ሥራውን ይኮራበታል። «ሰው የሚያነበው የሚፈልገውን ነው፤ የሚፈልገውን መጀመሪያ መስመር ላይ ካላስቀመጥክለት ዓሣ ይጠቀልልበታል» ማለት ይወዳል። እውነቱንም ነው።

አንድ ጉድለት ብቻ አለበት። አረብኛ እንደ ልቡ ይናገራል፤ ከሀፍላ፣ ከአውቶቡስ ሾፌር ጋር ሲጨቃጨቅ የኦምዱርማን ተወላጅ ይመስላል፤ ማንበብ ላይ ግን ዜሮ ነው። በመጣበት ዓመት «ነገ ለምመለስበት ሰው ፊደሉ ምን ይሠራልኛል?» ብሎ ተወው። ነገ ሳይመጣ ሃያ አምስት ዓመት ሆነ። ልጁ ትዕዛዝ ደግሞ ካርቱም ተወልዳ፣ በአረብኛ ተምራ አደገች። አማርኛ ትናገራለች፣ ማንበቡን ግን ፊደል ገበታው ላይ ግማሽ መንገድ ሄዳ ተወችው። እንግዲህ በዚያ ቤት ውስጥ አባት የሚያነበውን ልጅ አታነብም፣ ልጅ የምታነበውን አባት አያነብም። ይህ ለማንም ችግር ሆኖ አያውቅም ነበር፣ እስከዚያ ነሐሴ ድረስ።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሦስት ነው። የትዕዛዝ የሸሃዳ፣ የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና፣ ውጤት መጣ፤ ስልሳ ሁለት ከመቶ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በዚህ ውጤት አይታሰብም። እናቷ ጽጌ አል-ማንሺያ ሰፈር በአንድ ሀብታም ቤት የቤት ሠራተኛ ናት፤ እመቤቲቱ «ልጅሽን አምጫት፣ ከአንቺ ጋር ትሥራ» ካለቻት ቆይታለች። ጽጌ ሳትወድ በግድ «ኢንሻአላህ» ብላ መጥታለች። ተሰማ ይህን በሰማ ቁጥር ለራሱ ያጉረመርማል። የሰው ቤት ሳህን ለማጠብ ነው እንዴ አሥራ ሁለት ዓመት የተማረችው?

በዚያው ሳምንት ኡስታዛ ሉጥፊያ ወደ ማተሚያ ቤቱ መጣች። የአንድ አዲስ የግል ኮሌጅ ሬጅስትራር ናት፤ ኮሌጁ አል-ዋሃ ይባላል። ሱዳናዊት ናት፤ ቁመቷ ረጅም፣ ንግግሯ አጭር።

«የሐበሻ ልጆች እፈልጋለሁ» አለችው በአረብኛ። «ኮሌጁን የሚመርጠው ልጁ ነው፤ የሚፈቅደው ወላጁ ነው። አንድ ወረቀት ሁለቱንም ያሳምንልኝ።»

ከዚያም ስለ ኮሌጁ የሚባለውን ሁሉ የያዘ ዝርዝር ሰጠችው፤ ነጥብ በነጥብ እየተረጎመችለት። የሦስት ዓመት ዲፕሎማ ነው። ሦስት ክፍል አለ፤ ሒሳብ አያያዝ፣ ኮምፒዩተር፣ የሕክምና ላብራቶሪ። የጠዋትም የማታም ትምህርት አለ። የመምህራኑ ማዕረግም ተዘርዝሯል። ሰባ አምስት በመቶ ያልተገኘ ተማሪ ለፈተና አይቀመጥም። የፈቃዱ ቁጥር ከሥር በግልጽ መጻፍ አለበት።

«ከዚህ ዝርዝር ውጭ አንድ ቃል እንዳትጨምር» አለችው። «ዲፕሎማውን ዲግሪ ብትልብኝ ሚኒስቴር የሚጠራው አንተን ሳይሆን እኔን ነው።»

ተሰማ ዋጋ ሲጠየቅ ገንዘብ እንደማይፈልግ ተናገረ። «ልጅ አለችኝ። አንድ ነፃ ቦታ ስጪኝ።»

ኡስታዛ ሉጥፊያ አሰበችበት። «ምዝገባው እስኪዘጋ በወረቀትህ ሠላሳ ተማሪ ከመጣ ቦታው የእሷ ነው። ካልመጣ ማሌሽ፣ ይቅርታ። ምን ትማራለች?»

«ሒሳብ አያያዝ» አለ ተሰማ ዓይኑን ሳያሽ። ሒሳብ አዋቂ የትም አገር ቢሄድ አይራብም። ትዕዛዝን ግን አልጠየቃትም። ደግ አባት ነው፤ ቁጣ አያውቅም፤ ግን አልጠየቃትም።

እቅዱ ቆንጆ ነበር። በአንደኛው ገጽ አማርኛ ለወላጅ፣ በሌላኛው አረብኛ ለልጅ። ከታች ጥጉ ላይ ተቀድዶ የሚወጣ ቁራጭ፤ ያንን ይዞ የመጣ ቅጹን በነፃ ይወስዳል፤ ስንት ሰው በወረቀቱ እንደመጣም ይታወቃል። አማርኛውን ራሱ በሁለት ቀን ጨረሰው። «ልጅዎ የት ነው ያለው ብለው አይጨነቁ» ብሎ ጀመረ። ከዚያ የመቅረት ደንቡን፣ የመምህራኑን ማዕረግ፣ የፈቃዱን ቁጥር ደረደረ። የማታውን ክፍል ዘለለው፤ የትኛዋ እናት ናት ሴት ልጅ ማታ ትውጣ የምትል?

አረብኛውን ለማን ይስጥ? የወሎው ከቢር አረብኛ ይጽፋል፣ ግን ኸልዋ፣ ቁርኣን ቤት፣ የተማረ ሰው ስለሆነ የጻፈው ሁሉ ስብከት ስብከት ይላል። ስለዚህ ተሰማ ዝርዝሩን ለትዕዛዝ ሰጣት። «ለእኩዮችሽ እንደምታወሪው አድርገሽ ጻፊው» አላት። ከቢርንም «የልጄን ጽሑፍ ነጥብ እንዳትነካ!» ብሎ አስጠነቀቀው።

ጽፋ ስትመጣ «እስኪ አንብቢልኝ» አላት። ትዕዛዝ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ትንሽ ቆም እያለች በአማርኛ አነበበችለት። ሥነ ሥርዓት፣ መቅረት የለም፣ ፈቃድ ያለው፣ ጎበዝ መምህራን። ተሰማ ደስ አለው፤ ቅር ያለውም ትንሽ አልጠፋም። «ከእኔው ጋር አንድ ሆነብኝ እኮ! ለልጆች ሞቅ አይልም?» አላት።

«በአረብኛ ሞቅ ይላል አባባ» አለች።

ኡስታዛ ሉጥፊያ አረብኛውን አንብባ ሳቀች፤ ተሰማን ቀና ብላ አየችውና ፈረመች። አማርኛውን ሐበሻው የኮሌጁ ዘበኛ አነበበላትና እሱንም ፈረመች። ሁለት ሺህ ወረቀት ታተመ። የካርቱም የዕረፍት ቀን በሆነው ዓርብ፣ በሐበሻው ቤተ ክርስቲያን በር፣ በሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ገበያ፣ በየሐበሻው ሱቅ ተበተነ።

ሰኞ ወረቀቱ ሥር የታተመው የማተሚያ ቤቱ ስልክ ጮኸ።

«አቶ ተሰማ፣ ሞባይሉ መቼ ነው የሚሰጠው?» አለች አንዲት እናት።

«የምን ሞባይል?»

«ኮሌጁ ለተማሪ የሚሰጠው ነዋ! ልጄ ከአረብኛው አነበበልኝ እኮ።»

ተሰማ እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ ምሎ ተገዝቶ ስልኩን ዘጋ። ወዲያው አንድ ጎረምሳ ደወለ፤ በተሰባበረ አማርኛ «ዓሞ፣ አጎቴ፣ ጸጉር ያሳደገ አይገባም ወይ? አባቴ ከአማርኛው አነበበኝ፤ ተላጭ አለኝ» አለው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ አባት፤ ልጁ ባነበበችለት መሠረት ኮሌጁ ለሽርሽር ፖርት ሱዳን ይወስዳልና ይህ ምን ዓይነት ብልግና ነው አለ። ማታ አንዲት ልጅ፤ እናቷ ባነበበችላት መሠረት ተማሪ ከመግሪብ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ፣ በፊት ቤት ካልገባ ይባረራል ወይ ስትል ጠየቀች።

ወይ ጉድ! ተሰማ ራሱን ያዘ። ወረቀቱን አገላብጦ አየ። አማርኛው ላይ ጸጉር የሚል የለም። አረብኛው ላይ ምን እንዳለ ደግሞ የሚያውቀው ትዕዛዝ ያነበበችለትን ብቻ ነው። ቀስ በቀስ ነገሩ ተገለጠለት። በየቤቱ ወላጅ አረብኛውን ልጅ እንዲያነብለት ይጠይቃል፣ ልጅ አማርኛውን ወላጅ እንዲያነብለት ይጠይቃል፤ ሁሉም እያነበበ የየራሱን ምኞት ይጨምርበታል። ሁለት ሺህ ወረቀት አሳትሞ በየቤቱ የሚነበበው እሱ ያልጻፈው ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ኡስታዛ ሉጥፊያ ጠራችው። ጠረጴዛዋ ላይ የቁራጮቹ ክምር አለ፤ ክምር ከተባለ። «አሥራ አንድ» አለችው። «ለመሆኑ በየትኛው ገጽ እንደመጡ ትነግረኛለህ?»

ተሰማ አንዱን ቁራጭ አነሣ። ከፊቱ አማርኛ፣ ከጀርባው አረብኛ። ያው አንዲት ቁራጭ ናት! ማን ማንን እንዳመጣ በምን ይታወቃል? ይህን ሳያስብ መቅረቱ አናደደው። «የቀረህ እስከሚቀጥለው ሐሙስ ነው» አለችውና ወደ ሥራዋ ዞረች።

በማግስቱ ረቡዕ አንዲት ጉብል ማተሚያ ቤቱ ድረስ መጣች። ፋሪሃ እባላለሁ አለች፤ የሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ የወሎ ሰዎች ናቸው። በሩ ላይ ቆማ ተሰማን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አንተ ነህ የትዕዛዝ አባት?»

«ነኝ። ትተዋወቃላችሁ?»

«አይ፣ ከወረቀቱ ነው። ዓሞ፣ ፈቀድክላት ወይ? ላብራቶሪውን?»

«የምን ላብራቶሪ?»

ልጅቷ ደነገጠች። እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ገና አልነገረችህም! ወላሂ ይቅርታ!» ብላ ረክሻ፣ ባጃጅ ውስጥ ዘልላ ገባች።

ተሰማ ግራ ገብቶት ቆመ። ከዚያ ወረቀቱን ይዞ ከቢር ፊት ዘረጋው። «አንብብልኝ። ምንም ሳትቀንስ፣ ምንም ሳትጨምር።»

ከቢር መነጽሩን ወለወለ። ሲወለውል ቆየ። ከዚያ እያነበበ ወደ አማርኛ መለሰለት።

«ውጤትህ መጥቷል። ቤት ውስጥ ሁሉም ስላንተ ያወራል፤ ካንተ ጋር የሚያወራ ግን የለም። አል-ዋሃ የጠዋትም የማታም ክፍል አለው፤ ለአንተ የሚመችህን መምረጥ ትችላለህ። ዲፕሎማ ነው፤ ዲግሪ አይደለም፤ ይህን አውቀህ ግባ። እኔ ትዕዛዝ እባላለሁ። ስልሳ ሁለት ነው ያመጣሁት። ከጀርባ ያለውን የጻፈው አባቴ ነው። አባቴ ሒሳብ አያያዝ እንድማር ወስኗል። እኔ የምፈልገው ላብራቶሪ ነው፤ ሰው የታመመበትን ነገር በዓይኔ አይቼ ማግኘት። እስካሁን አልነገርኩትም፤ ደህና ቀን እየጠበቅሁ ነው። አንተም እንደ እኔ ከሆንክ ይህን ለወላጆችህ አታንብብላቸው። እጃቸውን ይዘህ አምጣቸውና እዚያው አብራችሁ ጠይቁ።»

ማተሚያው መንጫጫቱን አላቆመም። ተሰማ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ለኅትመት ፊደሉ ሲለቀም ጀምሮ ታውቅ ነበር?» አለው።

«ፊደሉን የለቀምኩት እኔ፣ ላላውቅ ነው?»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም!»

«ነጥብ እንዳትነካ አልከኝ፤ አልነካሁም» አለ ከቢር። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደግሞ እውነት ለመናገር፣ አንተ የምታውቅ መስሎኝ ነበር። ደፋር አባት ብዬህ ነበር» አለው።

ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ያለ ልጅ ያውቃል። ኡስታዛ ሉጥፊያ ታውቃለች። ከቢር ያውቃል። በካርቱም ሁለት ሺህ ወረቀት ተበትኖ፣ የማያውቀው የበተነው ሰው ብቻ ነው! ተሰማ ሳቁ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኑ እንባ ሞላ። ልጄ ዋሸችኝ ይበል? ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ የዋሸችው ለእሱ ስታነብ ነው። ይህ ከሁለቱ የቱ ይብሳል? አላወቀም።

ቤት ሲደርስ ትዕዛዝ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ወረቀቱን አልጋው ላይ አስቀመጠ። አየችው፤ ገባት።

«ለምን ሌላ ነገር አነበብሽልኝ?»

«እውነቱን ባነብልህ ታሳትመው ነበር፣ አባባ?»

ተሰማ አፉን ከፈተ። በርግጥ አሳትመው ነበር ሊል ነበር። ግን አያሳትመውም ነበር። «ሒሳብ የተሻለ መስሎኝ እኮ ነው» አለ፤ ድምፁ እንደ ልጅ ሆኖ ወጣ።

«አውቃለሁ» አለች። «አንተ ደግ ስለሆንክ ነው የከበደኝ። ብትቆጣ ኖሮ እነግርህ ነበር።»

ከማድ ቤት ጽጌ «ለእኔ ከነገረችኝ ወር ሆነ» አለች። ተሰማ ወደ እሷ ዞረ፣ ወደ ልጁ ዞረ፣ ማንን እንደሚቆጣ ግራ ገባውና ማንንም ሳይቆጣ ተኛ።

ዓርብ ጠዋት ግን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተገኘ። ቅዳሴ አልቆ ሰው ሲወጣ ድንጋይ ላይ ቆመ። ከወጣትነቱ ወዲህ ሰው ፊት ቆሞ አያውቅም።

«ወላጆች!» አለ። «በየቤታችሁ አረብኛውን ልጆቻችሁ አንብበውላችኋል። ሞባይል የለም። ፖርት ሱዳን የለም። እውነተኛውን እኔ ልንገራችሁ።»

ከከቢር እየሰማ በአማርኛ የጻፈውን ከኪሱ አወጣና ከላይ እስከ ታች አነበበው። «አባቴ ሒሳብ አያያዝ እንድማር ወስኗል» የሚለው ጋ ሲደርስ ሰው ሳቀ። «እስካሁን አልነገርኩትም» ሲል ሳቁ ጸጥ አለ። «ይህ አባት እኔ ነኝ» አለ ተሰማ። «እዚህ በር ላይ ያለ ልጅ ሁሉ ከእኔ ቀድሞ ሰምቷል። እናንተም ሳትቀደሙ ጠይቁ።»

አንዲት ሴት ነጠላዋን እያስተካከለች ወደ ልጇ ዞረች። «አንተስ?» አለችው። ያንኑ ከሰዓት ተሰማ ሐጅ ዩሱፍ ገበያ ሄዶ ያንኑ ደገመው፤ ድምፁ እስኪዘጋ።

ከቅዳሜ ጀምሮ ሰዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው አል-ዋሃ ይገቡ ጀመር። እናት ከልጅ፣ አባት ከልጅ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው። ኡስታዛ ሉጥፊያ ማክሰኞ ደወለችና «ሃያ ስድስት! ምን አድርገህባቸው ነው? ሁሉም የላብራቶሪውን ክፍል ካላየን እያሉ ነው» አለች። ተሰማ ስልኩን ዘግቶ ከቢርን አቀፈው። ረቡዕ ሠላሳ ሦስት ደረሰ። የትዕዛዝ ቦታ ተገኘ! ጽጌ ለእመቤቲቱ «ልጄ አትመጣም፤ ኮሌጅ ገብታለች» አለቻት፤ አፏን ሞልታ።

ሐሙስ ጠዋት አባትና ልጅ ደህና ልብሳቸውን ለብሰው ሄዱ። በግቢው በር ፋሪሃን አገኟት፤ ትዕዛዝን በስም ጠርታ አቀፈቻት። «አንቺ ነሽ! ወላሂ ወረቀትሽ ነው ያስገባኝ! ላብራቶሪ ገባሁ፤ የመጨረሻዋ እኔ ነኝ፣ ኸላስ ሞላ!»

ትዕዛዝ ልጅቷን እንዳቀፈች ቀረች። ተሰማ አልገባውም፤ ኡስታዛ ሉጥፊያ ቢሮ እስኪገባ ድረስ አልገባውም።

«ላብራቶሪው አሥራ ሁለት ተማሪ ብቻ ነው የሚይዘው» አለች ኡስታዛ ሉጥፊያ። «በፈቃዱ ላይ የተጻፈው አሥራ ሁለት ነው፤ መጥተው ወንበር ይቆጥራሉ። የእናንተ ሰዎች ሁሉ ላብራቶሪ አሉ። አንተ ደግሞ ለልጅህ ሒሳብ አያያዝ ነበር ያልከኝ፤ ለውጪልኝም አላልክም፤ እሱን ይዤልሃለሁ።»

«እሱ እኮ ድሮ ነው!» አለ ተሰማ። አረብኛው ሁሉ ጠፋበት። «አንድ ወንበር ከቤቴ አመጣለሁ። ቆማ ትማር። ኡስታዛ፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ!»

ሴትዮዋ ተነሥታ ክንዱን ያዘችው። ፊቷ ላይ ሐዘን ነበር፤ ግን ራሷን ነቀነቀች። ቅጹን በትዕዛዝ ፊት አኖረችው። ሐሙስ ነው፤ ምዝገባው በስምንት ሰዓት ይዘጋል።

ትዕዛዝ ቅጹን አንሥታ ለአባቷ አነበበችለት፤ ቀስ ብላ፣ ጣቷን ከመስመር መስመር እያስኬደች። ስም። የትውልድ ቦታ። የትምህርት ዘርፍ፣ ሒሳብ አያያዝ። የአሳዳጊ ፊርማ።

«አልፈርምም» አለ ተሰማ። «በእኔ ምክንያት ነው። እኔ ድንጋይ ላይ ቆሜ ባልጮህ ይተርፍልሽ ነበር።»

«ባትጮህ አሥራ አንድ ነበር፤ ምንም ቦታ አይኖርም ነበር።» ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም። «ፈርም አባባ። አል-ማንሺያ ሳህን ለማጠብ አልሄድም።»

ስክሪብቶውን እጁ ላይ አደረገችለትና የሚፈርምበትን ቦታ በጣቷ አሳየችው። ተሰማ ፈረመ። ፊርማው ከመስመሩ ወጣ። ኡስታዛ ሉጥፊያ ማኅተሟን አሳረፈችበት።